«አንድ ዓመት ያገለገለ» ማን ነው? የፈቃድ መመሪያ ለሁለት እንዳይነበብ አድርጎ መጻፍ

ሰኔ ሲገባ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባሉት ፎቆች ውስጥ የሰው ሀብት ክፍል በር ላይ ወረፋ ይበዛል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ነው፤ ሠራተኛው የቀረውን ፈቃድ ለማወቅ፣ አለቃው ማን መቼ እንደሚወጣ ለመወሰን፣ ሂሳብ ክፍሉ ደግሞ ያልተወሰደውን ፈቃድ በዕዳ ለመመዝገብ ይቸኩላል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚነሳው ሰው ሕጉን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ የድርጅቱን መመሪያ ይዘው፣ በዚያው አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያነባሉ። ሁለቱም ያነበቡት ከጽሑፉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ከአንባቢው ላይ ሳይሆን ከጽሑፉ ላይ መፈለግ ይገባል።

ይህ ማብራሪያ አንድን አንቀጽ ይዞ ይሄዳል። የዓመት ፈቃድ ለማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል እንደሚገባ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። የሕመምና የወሊድ ፈቃድ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው እዚህ አልተነሱም። የሚከተለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስር ላሉ ድርጅቶች የተጻፈ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደሩ፣ በዚህኛው አዋጅ የማይሸፈነው የሥራ መሪ ደግሞ በውሉና በድርጅቱ ደንብ ስለሚዳኝ፣ መመሪያው ከመጀመሪያው መስመር ለማን እንደተጻፈ መናገር አለበት።

ችግሩ ያለው የት ነው?

በብዙ ድርጅት መመሪያ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንቀጽ ይገኛል፦

«አንድ ዓመት ያገለገሉ ቋሚ ሠራተኞችና የኮንትራት ሠራተኞች በዓመት 16 ቀን የዓመት ፈቃድ ይገባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ያልተወሰደ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም።»

ሲነበብ ንጹሕ ይመስላል፤ አጭርም ነው። ግን ቀስ ብለን እናንብበው። «አንድ ዓመት ያገለገሉ» የሚለው ሐረግ ቋሚዎቹን ብቻ ነው የሚገልጸው ወይስ የኮንትራት ሠራተኞቹንም ጨምሮ? አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ስለሚያስቀምጥ፣ ሁለት ስሞች በ«ና» ሲያያዙ ገላጩ የትኛው ድረስ እንደሚዘልቅ ከጽሑፉ አይታወቅም። በንግግር ድምፃችን ይለየዋል። ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም።

«ዓመት» የቱ ዓመት ነው? በአዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ አራት ዓመት አብሮ ይኖራል፤ ከመስከረም 1 የሚጀምረው፣ ከሐምሌ 1 የሚጀምረው በጀት ዓመት፣ ከውጭ አጋር ጋር የተፈረመው ውል የሚከተለው የፈረንጆቹ ዓመት፣ እና ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ቀን የሚቆጠረው የአገልግሎት ዓመት። «16 ቀን» የሥራ ቀን ነው ወይስ የቀን መቁጠሪያ ቀን? «ይገባቸዋል» ሲልስ ፈቃዱ ያን ዕለት ተገኘ ማለት ነው፣ ያን ዕለት መውጣት ይቻላል ማለት ነው፣ ወይስ ሥራ ቢለቁ በገንዘብ ይከፈላቸዋል?

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ የመጨረሻው ነው። «ይገባዋል» የምትለው አንዲት ግስ ሦስት ጥያቄ ተሸክማለች፦ ፈቃዱ ከመቼ ጀምሮ ይጠራቀማል? መቼ መውሰድ ይቻላል? ሳይወሰድ ቢቀር ምን ይሆናል? ሦስቱ መልሶች የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይፈልጋሉ። መመሪያውን እንደገና የሚጽፍ ሰው ከዚህ ሌላ ምንም ባያደርግ እንኳ፣ ይህችን ግስ ለሦስት ቢከፍላት ከክርክሩ አብዛኛው ይቀልላል።

እንደ ሚኒባስ ታክሲ ታሪፍ ማሰብ ይረዳል። ታሪፉ «ለአጭር መንገድ አነስተኛ ሂሳብ ይከፈላል» ቢል ኖሮ በየመኪናው ጠብ ነበር። የሚሠራው መነሻና መድረሻ ስለሚጠቅስ ነው። «አንድ ዓመት» የሚለውም እንደዚሁ መነሻ ቀንና መድረሻ ቀን ካልተጻፈለት ታሪፍ አይሆንም።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል?

መመሪያውን ለመጻፍ ከመቀመጥ በፊት ወለሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ወለል የምንለው ድርጅቱ ከእሱ በላይ መስጠት የሚችለውን፣ ከእሱ በታች ግን መውረድ የማይችለውን መጠን ነው። የአዋጁ አንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለተጨማሪ ሁለት የአገልግሎት ዓመታት አንድ የሥራ ቀን ይታከላል። አንቀጽ 78 የመጀመሪያው ፈቃድ አንድ ዓመት ካገለገሉ በኋላ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። አገልግሎቱ ለሙሉ ፈቃድ ያልደረሰ ሠራተኛ ደግሞ በሠራው መጠን ተመጣጣኝ ፈቃድ አለው፤ ውሉ ሲቋረጥም ያልወሰደው በገንዘብ ይታሰብለታል። ከዚህ ውጭ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥም ሆነ «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ መፈረም አይፈቀድም።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አዋጁ የሚናገረው ስለ «ሠራተኛ» ነው። የዓመት ፈቃድን ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ብቻ አላደረገውም። ስለዚህ «የኮንትራት ሠራተኛ ፈቃድ የለውም» የሚል መመሪያ በግልጽ ቢጻፍም አይጸናም። ግልጽነት ሕገ ወጥ የሆነውን ሕጋዊ አያደርገውም።

ሌላም የቆየ የክርክር ምንጭ አለ። ከ1156 በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይሰጥ ነበር። አዲሱ ሲወጣ ብዙ ድርጅቶች 14ቱን ወደ 16 ለውጠው «በየዓመቱ አንድ ቀን» የሚለውን እንዳለ ትተውታል። እንዲህ ያለው መመሪያ ከወለሉ በላይ ይሰጣልና ሕግ አልጣሰም፤ ግን አስተዳደሩ አስቦ የሰጠው ይሁን ሳያይ ያለፈው አይታወቅም። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው እርሳሱን ማስቀመጥና መጠየቅ አለበት፤ ይህ የውሳኔ ጉዳይ እንጂ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለምና። ያልተወሰነን ነገር በጥሩ አማርኛ መጻፍ ክርክሩን ከማራዘም አያልፍም።

«በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን» እንዴት ለሁለት ይነበባል?

ይህ ስህተት ሳይታይ ለዓመታት መቆየት ስለሚችል ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ንባብ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ለብቻው 16 አለው፤ «ተጨማሪ ሁለት ዓመት» የሚቆጠረው ከእሱ በኋላ ነው፤ ስለዚህ 17ኛው ቀን የሚመጣው ሦስት ዓመት ሲሞላ ነው። ሁለተኛው ንባብ ከቅጥሩ ቀን ጀምሮ ሁለት ሁለት እየቆጠረ 17ኛውን ቀን ሁለት ዓመት ሲሞላ ይሰጣል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህን ይመስላሉ፦

| የሞላ የአገልግሎት ዓመት | የመጀመሪያው ንባብ | ሁለተኛው ንባብ |
|---|---|---|
| 1 | 16 | 16 |
| 2 | 16 | 17 |
| 3 | 17 | 17 |
| 4 | 17 | 18 |
| 5 | 18 | 18 |
| 6 | 18 | 19 |
| 7 | 19 | 19 |

በ1፣ 3፣ 5 እና 7 ዓመት ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያዩት በ2፣ በ4 እና በ6 ብቻ ነው። መመሪያውን ያረጋገጠው ሰው አምስት ዓመት ባገለገለ ሠራተኛ ሞክሮት ከሆነ «ልክ ነው» ብሎ ያልፋል፤ አራት ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ እስክትመጣ ድረስ ማንም አያየውም። የሰው ሀብት ክፍሉ በአንዱ ንባብ፣ የደመወዝ ሶፍትዌሩ በሌላው ሲሠሩ ደግሞ የአንድ ሠራተኛ ቀሪ ፈቃድ በሁለት ቦታ ሁለት ቁጥር ይሆናል።

የአዋጁ አገላለጽ የመጀመሪያውን ዓመት ለብቻ አስቀምጦ «ተጨማሪ» ስለሚል ወደ መጀመሪያው ንባብ ያደላል። ድርጅቱ ሁለተኛውን ቢመርጥ ግን ለሠራተኛው የተሻለ ስለሆነ ይችላል። ዋናው ነገር መርጦ በሠንጠረዥ ማስቀመጡ ነው። ሠንጠረዥ ቦታ ይወስዳል ተብሎ የሚፈራ ከሆነ አይገባም፤ እስከ 20 ዓመት ድረስ ያለው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ «በየ» የሚለውን ቃልም ከነአካቴው ያስቀራል።

አሥራ ስድስት ቀን ስንት ሳምንት ነው?

በመሃል ከተማ ብዙ ቢሮዎች ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ። አንዳንዱ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይሠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። «የሥራ ቀን» ማለት ለሦስቱም አንድ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ፈቃድ የጀመረች ሠራተኛ እንውሰድ፤ በመካከሉ በዓል የለም እንበል።

ቅዳሜ እንደ ሙሉ የሥራ ቀን ከተቆጠረ፣ ሁለት ሳምንት 12 ቀን ይሆናል፤ 16ኛው ቀን የሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ያልቃል፤ ዓርብ ሥራ ትገባለች። ቅዳሜ እንደ ግማሽ ከተቆጠረ፣ ሁለት ሳምንት 11 ቀን ነው፤ 16ኛው ቀን ዓርብ ያልቅና ቅዳሜ ጠዋት ትገባለች። ቅዳሜ ከሥራ ቀን ካልተቆጠረ ደግሞ ሦስት ሳምንት 15 ቀን ይሆናል፤ 16ኛው ቀን የአራተኛው ሳምንት ሰኞ ነው፤ የምትገባው ማክሰኞ ነው።

በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ነው። ሰው በዚህ ልዩነት ምክንያት «ያለ ፈቃድ ቀርተሃል» ተብሎ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ይችላል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚያሠራ ድርጅት ቅዳሜን ሙሉ ቀን አድርጎ መቁጠር የለበትም፤ ሠራተኛው ግማሽ ቀን ሠርቶ ሊያገኘው የሚችለውን ዕረፍት ሙሉ ቀን ያስከፍለዋልና። በሕግ የታወቁ የሕዝብ በዓላትም ፈቃድ ውስጥ ቢወድቁ ከፈቃዱ አይቀነሱም፤ ይህም በቃል ከሚነገር ይልቅ በአንድ መስመር መጻፍ አለበት።

የፈቃድ ቅጹም አብሮ መስተካከል አለበት። «ከ___ እስከ ___» የሚለው ክፍት ቦታ የታወቀ ወጥመድ ነው። «እስከ ሚያዝያ 20» ሲባል ሠራተኛው 20 ላይ ቤቱ ነው ወይስ ቢሮው? ቅጹ «የመጨረሻው የፈቃድ ቀን» እና «ሥራ የሚገባበት ቀን» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች ካሉት ጥያቄው አይነሳም።

ውሉ መሃል ላይ የተለወጠ ሠራተኛስ?

የብዙ ክርክር ምንጭ የሆነው ይህ ነው፤ በምሳሌ እንየው። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ጥቅምት 1 ቀን 2015 ለስምንት ወር በኮንትራት ተቀጠረች። ሰኔ 1 ቀን 2015 ቋሚ ሆነች። ጥቅምት 2016 ላይ የመጀመሪያ ፈቃዷን ጠየቀች።

ከላይ ያየነው አሮጌ አንቀጽ ለሰው ሀብት ኃላፊው «አንድ ዓመት ያገለገሉ ቋሚ ሠራተኞች» ይላል፤ እሷ ቋሚ የሆነችው በሰኔ ነውና እስከ ሰኔ 2016 ትጠብቅ ይላል። ለእሷ ደግሞ ያው ዓረፍተ ነገር «አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ ዛሬ ቋሚ ነኝ» ይላታል። ሁለቱም ከጽሑፉ አልወጡም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስምንት ወር ነው።

አዋጁ የሚቆጥረው በድርጅቱ የተሰጠን አገልግሎት ስለሆነ፣ ሥራው ሳይቋረጥ የውሉ ዓይነት ቢለወጥ ቆጠራው እንደ አዲስ የሚጀምርበት ምክንያት የለም። የሙከራ ጊዜውም እንዲሁ ነው፤ ሙከራ አገልግሎት ነውና ከዓመቱ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ጥቅምት 2016 ነው። መመሪያው ግን ይህን መልስ በአንድ ንባብ ብቻ ማስገኘት አለበት፤ አንባቢው ሕግ ቤት ሄዶ እንዲያጣራ ማድረግ የለበትም።

እስቲ ይህችው ሠራተኛ ዓመት ሳይሞላት ሥራ ብትለቅስ? ሰባት ወር ሠርታ ከለቀቀች 16ን በ7 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው፤ ወደ 9.33 ቀን ይመጣል። ነጥቡ ምን ይደረግ የሚለው ካልተጻፈ አንዱ 9፣ አንዱ ዘጠኝ ተኩል ይከፍላል። 9 ከተከፈለ ከሚገባት በታች ወርዷል፤ ስለዚህ ማጠጋጋት ካስፈለገ ወደ ላይ ብቻ ይሁን። ወር እንዴት ይቆጠር ለሚለው አዋጁ 26 ቀን የተሠራበትን እንደ አንድ ወር ይወስዳል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው ግን በአንድ ወር ውስጥ 26 የሥራ ቀን አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ድርጅት በመመሪያው «ወር ማለት የቀን መቁጠሪያ ወር ነው» ብሎ ቢወስን ለሠራተኛው የተሻለ ነው፣ ስሌቱም ቀላል ይሆናል። ጳጉሜን ራሷን የቻለች ወር ተደርጋ እንዳትቆጠር «ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ወር ናት» የሚል መስመር መጨመርም አይከፋም።

ታዲያ አንቀጹ እንዴት ይጻፍ?

በሰው ጀምሮ፣ ሁኔታውን አስከትሎ፣ በውጤቱ መጨረስ ነው። ገላጩን ከሁለት ስም ፊት መደርደር ይቅር፤ «ሠራተኛው እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል» የሚለው ቅርጽ ጥርጣሬ አይተውም። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ። አንዱ ገጽ ላይ «ፈቃድ»፣ ሌላው ላይ «እረፍት» አይባል፤ አንባቢ ሁለት ቃል ሲያይ ሁለት ነገር ይፈልጋል። «ሊሰጠው ይችላል» እና «ይሰጠዋል» እንደ ተመሳሳይ አይዘዋወሩ፤ የመጀመሪያው ለአለቃው ምርጫ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ግዴታ ያስቀምጣል። ሕጉ ግዴታ ባደረገው ቦታ «ይችላል» ከገባ መመሪያው ሕጉን ሳያስበው ቀንሶታል። «ከአንድ ዓመት በላይ» ከማለትም «አንድ ዓመት ከሞላበት ቀን ጀምሮ» ማለት ይሻላል፤ «በላይ» ልክ ዓመት የሞላውን ሰው ደጅ ያስቀረዋል።

ያ ባለ ሁለት መስመር አንቀጽ በዚህ አካሄድ እንዲህ ይሆናል። ድርጅቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንደሚሠራና የመጀመሪያውን ንባብ እንደመረጠ ወስደናል።

> 1. ይህ ክፍል ከድርጅቱ ጋር የሥራ ውል ያለውን ሠራተኛ ሁሉ ይመለከታል። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑ ልዩነት አያመጣም።
> 2. የአገልግሎት ዘመን ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ ይካተታል። ሥራው ሳይቋረጥ ውሉ ቢታደስ ወይም ቢለወጥ ቆጠራው ይቀጥላል።
> 3. የአገልግሎት ዓመት ማለት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሥራ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ቀን ዋዜማ ድረስ፣ ዋዜማውን ጨምሮ፣ ያለው ጊዜ ነው። በጥቅምት 1 ቀን 2015 ሥራ የጀመረ ሠራተኛ የመጀመሪያ የአገልግሎት ዓመቱ መስከረም 30 ቀን 2016 ይሞላል።
> 4. ፈቃድ ከሥራ መጀመሪያው ቀን አንስቶ ይጠራቀማል።
> 5. ሠራተኛው የመጀመሪያ ፈቃዱን መውሰድ የሚችለው የመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከሞላበት ቀን ማግስት ጀምሮ ነው።
> 6. የፈቃዱ መጠን በአባሪ 1 ሠንጠረዥ የተመለከተው ነው።
> 7. ከሰኞ እስከ ዓርብ እያንዳንዱ ቀን እንደ አንድ የሥራ ቀን፣ ቅዳሜ እንደ ግማሽ የሥራ ቀን ይቆጠራል። እሑድና የሕዝብ በዓል አይቆጠሩም።
> 8. ሥራው የተቋረጠ ሠራተኛ ላልወሰደው ፈቃድ ይከፈለዋል። ላልተሟላ የአገልግሎት ዓመት የሚከፈለው የዓመቱ ፈቃድ በሠራው ወር ተባዝቶ ለ12 ተካፍሎ ነው፤ ውጤቱ ወደ ቀጣዩ ግማሽ ቀን ከፍ ይላል።

ረዝሟል። ሁለት የነበረው መስመር ስምንት ቁጥር ሆኗል። ይህን ርዝመት የሚቃወም አስተዳደር ብዙ ነው፤ ግን የመመሪያ አጭርነት የሚለካው በቃላት ብዛት አይደለም፤ ሠራተኛው መልሱን ለማግኘት ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት ነው።

«ፈቃዴ ተቃጠለ» የሚባለውስ?

«ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም» የሚለው ሐረግ በቢሮ ንግግር «ሁለት ዓመት ካለፈው ይቃጠላል» ሆኗል። አዋጁ በአንቀጽ 79 የተላለፈ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይሰጥ እንዳይቆይ ይከለክላል። ይህ ክልከላ በመጀመሪያ የሚናገረው ፈቃዱን ለሚሰጠው ለአሠሪው ነው፤ ፈቃድን በፕሮግራም የመስጠት ግዴታ በአንቀጽ 78 የተጣለው በእሱ ላይ ነውና። «አይተላለፍም» የሚለው ተገብሮ ግስ ግን አድራጊውን ደብቆታል፤ ማን አያስተላልፍም? ድርጅቱ? ሠራተኛው? አድራጊ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ በደካማው ላይ ይነበባል።

አድራጊውን በስሙ መጥራት መፍትሔው ነው። «የሥራ ክፍሉ ኃላፊ የተላለፈ ፈቃድ ያለውን ሠራተኛ ስም በየዓመቱ እስከ ጥር 30፣ ቀኑን ጨምሮ፣ ለሰው ሀብት ክፍል ያሳውቃል። የሰው ሀብት ክፍል ፈቃዱ ከተላለፈበት ቀን አንስቶ ሁለት ዓመት ከመሙላቱ በፊት የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ይሰጠዋል።» አሁን ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ታውቋል፤ ሠራተኛው ሳይወጣ ቢቀር የማን ሥራ እንዳልተሠራም ከማህደሩ ይነበባል።

«የቅርብ ቤተሰብ» ሲባልስ?

ከዓመት ፈቃድ ትንሽ ወጣ ቢልም፣ የብቁነት ቃል እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም። አዋጁ በአንቀጽ 81 ለሐዘን ሦስት የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ሲሰጥ፣ የትዳር ጓደኛን፣ ተወላጅን፣ ወላጅን እና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድን ይጠቅሳል። መመሪያዎች ይህን «የቅርብ ቤተሰብ» ብለው ያሳጥሩታል። እኛ ዘንድ ግን የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ነው፤ ያሳደገች አክስት «እናቴ» ናት፤ ለቅሶ ላይ ማንም ደረጃ አይቆጥርም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው መጥቶ «እሱማ ቅርብ ዘመድ አይደለም» መባል እጅግ ከባድ ነው፤ መልሱ ቀድሞ ያልተጻፈ መሆኑ ደግሞ ሐዘኑን ያከብደዋል።

ስለዚህ ዘመዶቹ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ፤ ለምሳሌ፦ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እናትና አባት፣ አያት፣ እህትና ወንድም፣ የባል ወይም የሚስት እናት፣ አባት፣ እህትና ወንድም። የእንጀራ ወላጅ፣ አሳዳጊ፣ አጎትና አክስት ይካተታሉ ወይስ አይካተቱም የሚለው በዝምታ አይታለፍ። ድርጅቱ ቢያካትታቸው መልካም ነው፤ ለእነሱ የሚሰጠው ቀን የተለየ ከሆነም ቁጥሩ ይጻፍ።

ተጽፎ ሲያልቅ ለሁለት እንደማይነበብ በምን ይታወቃል?

ጸሐፊው ራሱ አንብቦ ሊያውቀው አይችልም፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ስለሚያውቅ ዓይኑ ክፍተቱን ይሞላዋል። የሚያስተማምነው ፈተና አንድ ሰዓት የማይፈጅ ነው። ከተለያየ ሥራ አምስት ሰዎች ይመረጡ፤ ለምሳሌ ከጥበቃ፣ ከሹፌር፣ ከሂሳብ፣ ከሰው ሀብት፣ እና ከገባ ሦስት ወር ያልሞላው አንድ ሰው። ለእያንዳንዳቸው ረቂቁና ስድስት ጥያቄ ይሰጥ፤ ሳይመካከሩ ይመልሱ። መልሱ ቀን ወይም ቁጥር ብቻ ይሁን፤ «ይመስለኛል» አይገባም።

ጥያቄዎቹ ከድንበሩ ላይ ይወሰዱ፤ መሃል ያለ ሰው ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን የቀረው፣ ዛሬ የሞላው፣ ሁለት ዓመት የሞላው፣ አራት ዓመት የሞላው፣ ኮንትራቱ በስምንተኛው ወር ቋሚ የሆነለት፣ ፈቃዱ ውስጥ በዓል የወደቀበት። አምስቱ ሰዎች በስድስቱም አንድ መልስ ከሰጡ አንቀጹ አልፏል። አንድ ሰው እንኳ ከተለየ፣ «ደህና አድርገህ አንብብ» ተብሎ አይመለስ፤ የትኛውን ቃል አይቶ እዚያ እንደደረሰ ይጠየቅና ያ ቃል ይለወጥ። ብዙ ጊዜ የሚለየው ጥበቃው ወይም አዲስ ገቢው ነው፤ ምክንያቱም እነሱ የቢሮውን ልማድ ሳይሆን ወረቀቱን ያነባሉ።

መመሪያው በእንግሊዝኛም ካለ ያው ስድስት ጥያቄ በሁለቱም ቋንቋ ይሞከር። እንግሊዝኛው ገላጩን በሌላ ቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ ጥርት ያለው በሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለቱ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና በመጨረሻው አንቀጽ ይጻፍ።

ነባር ሠራተኞች ምን ይሆናሉ?

አዲሱ መመሪያ የሚጸናበት ቀን በግልጽ ይቀመጥ፤ ከበጀት ዓመቱ ጋር እንዲገጥም ሐምሌ 1 ቢሆን ለሂሳብ ክፍሉ ይመቻል። እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ፈቃድ በአሮጌው ስሌት ይዘጋና ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በጽሑፍ ይሰጠው፦ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የሞላው የአገልግሎት ዓመት፣ የወሰደው፣ የቀረው። ሠራተኛው አይቶ ካልተስማማ ለምሳሌ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያመለክት ይጻፍ። አሮጌው ስሌት ለአንድ ሠራተኛ የበለጠ ሰጥቶ ከነበረ ያ ቁጥር አይነካ፤ የኅብረት ስምምነት ባለበት ድርጅት ደግሞ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ይታይ።

አሮጌው ቅጂ ከማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከጋራ ፎልደሩና ከአዲስ ገቢዎች ጥራዝ በአንድ ቀን ይነሳ። በአዲሱ ላይ ከየገጹ ግርጌ የእትሙ ቁጥርና የጸናበት ቀን ይታተም፤ ሁለት ሰው ሁለት ወረቀት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።